ፈታኙ «ተአማኒነቱ የታለ?» ብለው መለሱልኝ፤ ምዕራፍ 3ን እንዴት ላስተካክለው?

ሲስተር ከወረዳ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ቴሲሴን በቅርቡ ዲፌንድ አድርጌያለሁ። ትምህርቴ የሕብረተሰብ ጤና ነው። አልፌያለሁ፣ ግን ከማሻሻያ ጋር። የተሰጠኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው።

ጥናቱ ኳሊቴቲቭ ነው። ጥያቄዬ «አራት ጊዜ የእርግዝና ክትትል ያደረጉ እናቶች ለምን መጨረሻ ላይ ቤታቸው ይወልዳሉ?» የሚል ነው። በአንድ የገጠር ወረዳ ሁለት ቀበሌ ሄጄ 16 እናቶችንና 4 የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን አነጋግሬያለሁ። ከባሎችና ከአማቶች ጋር ደግሞ ሁለት የቡድን ውይይት አድርጌያለሁ። ዋናው ግኝቴ ርቀትና መጓጓዣ ነው። ከ16ቱ እናቶች 12ቱ ያነሱት እሱን ነው።

ምዕራፍ 3 ላይ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «የጥናቱን ተአማኒነት ለማረጋገጥ ሜምበር ቼኪንግ፣ ትራያንጉሌሽን፣ ቲክ ዲስክሪፕሽንና ኦዲት ትሬይል ተጠቅመናል።» የውጭ ፈታኙ ከጎኑ «የት? መቼ? ከማን ጋር? ክሬዲቢሊቲ፣ ትራንስፈረቢሊቲ፣ ዲፔንደቢሊቲ፣ ኮንፈርማቢሊቲ በየተራ በማስረጃ ይታዩ» ብለው ጻፉበት። ያው ዓረፍተ ነገር ከእኔ በፊት በተመረቁት ቴሲሶች ሁሉ አለ። እነሱ አልተጠየቁም።

ምን ብጽፍ ይሻላል? ናሙና ያለው ሰው ቢልክልኝ ደስ ይለኛል።

ተመራቂ 2016

እህቴ አትጨነቂ፣ ቀላል ነው። ክሮንባክ አልፋ አውጪና ከ0.7 በላይ ከሆነ አለቀ። SPSS ላይ `Analyze > Scale > Reliability Analysis` የሚለው ውስጥ ገብተሽ ጥያቄዎቹን ማስገባት ብቻ ነው። እኔ በዚያ ነው ያለፍኩት።

ቁጥር ይናገር

ወንድሜ፣ እሱ ለመጠይቅ ነው። ሰዎች ከ1 እስከ 5 እያሉ የመለሷቸው ጥያቄዎች አንድ ነገር እየለኩ እንደሆነ ለማየት ነው የሚሠራው። እሷ ጋ ያለው የሰው ንግግር ነው። ምኑን ታስገባዋለች?

ሲስተር፣ ለአንቺ የሚሆነው ካፓ የሚባለው የስምምነት መለኪያ ነው። አንድ የምታምኚውን ሰው ከትራንስክሪፕቶቹ 3 ወይም 4 ስጪው። በአንቺ ኮድ ዝርዝር ለብቻው ኮድ ያድርግ። ከዚያ ስምምነታችሁን አስዪው። 0.8 አካባቢ ከመጣ ዲፔንደቢሊቲና ኮንፈርማቢሊቲ ተመለሱ። ትራያንጉሌሽን ደግሞ በእጅሽ ነው። እናቶችም፣ ባሎችም፣ ባለሙያዎችም «ርቀት» ካሉ ሦስት ምንጭ አንድ ነገር ተናገረ ማለት ነው። ክሬዲቢሊቲው እዚያ ጋ አለቀ።

የድሮ መምህር

ልጄ፣ ናሙና ፍለጋውን ለጊዜው ተዪው። ፈታኙ የጠየቁሽ አንቀጽ አይደለም።

ይህን የተአማኒነት ነገር ያመጡት ኢጎን ጉባና ኢቮና ሊንከን ናቸው። ጉባ በ1981 ጻፈው፣ ሁለቱ አብረው በ1985 በመጽሐፍ አሰፉት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ያኔ የነበረው ክርክር «ቁጥር የሌለው ጥናት በምን ይታመናል?» የሚል ነበር። እነሱም ፈታኝሽ በየተራ ለጠሯቸው አራት ስሞች አራት ጥያቄ አስቀመጡ። የተናገሩት ሰዎች እውነታቸው በትክክል ተይዟል ወይ? ሌላ ቦታ ያለ ሰው ይህ ለእኔ ቦታ ይሠራ እንደሆነ መፍረድ ይችላል ወይ? መንገድ ላይ ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ ይታያል ወይ? ግኝቱ የመጣው ከመረጃው ነው ወይስ ከአጥኚዋ ልብ? ሜምበር ቼኪንጉም፣ ማለትም የተረዱትን ለተናጋሪው መልሶ ማረጋገጡ፣ ኦዲት ትሬይሉም፣ ማለትም የውሳኔዎችን ዱካ መያዙ፣ እነዚህን ለመመለስ የሚረዱ መሣሪያዎች እንጂ መልሶች አይደሉም። የመሣሪያውን ስም ጽፎ ማለፍ እኛ ጋ የተለመደ ሆኗል። ፈታኝሽ እምቢ ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል።

ቁጥር ይናገር፣ ሦስት ምንጭ ተስማማ ማለት እውነት ተገኘ ማለት አይደለም። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ለመናገር አንድ ዓይነት ምክንያት ካላቸው ስምምነታቸው ምንም አይነግርህም። ካፓም ሁለት ሰው አንድን ጽሑፍ አንድ ዓይነት ስም እንደሰጠው ነው የሚያሳየው። እናቲቱ እውነቷን መናገር አለመናገሯን አያሳይም።

ሲስተር፣ መጀመሪያ እነዚህን መልሺልኝ። እናቶቹን ማን መረጠልሽ? ቃለ መጠይቁ የት ተደረገ? አጠገባችሁ ማን ነበር? እናቶቹ ምን ብለው ነው የሚጠሩሽ? እና ርቀት ያላነሱት አራቱ ምን አሉ?

ሲስተር ከወረዳ

መምህር አመሰግናለሁ። እመልሳለሁ።

የመጀመሪያዎቹን 11 እናቶች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ናቸው ከመዝገብ አውጥተው የጠሩልኝ። ያነጋገርኳቸው ጤና ኬላ ውስጥ ነው። ባለሙያዋ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም፣ በረንዳ ላይ ግን አለች። የቀሩትን 5 ደግሞ እናቶቹ ራሳቸው «እከሊትም ቤቷ ነው የወለደችው» እያሉ የጠቆሙኝ ናቸው። እነሱን ቤታቸው ሄጄ ነው ያነጋገርኳቸው።

የሚጠሩኝ «ሲስተር» ብለው ነው። ነርስ ነኝ። በዚያ ጤና ጣቢያ ሠርቼ አላውቅም፣ በአጎራባች ወረዳ ግን ሠርቻለሁ። ይህን ቴሲሱ ላይ አልጻፍኩትም፣ ማንም አልጠየቀኝም።

ርቀት ያላነሱት አራቱ ስለ ጤና ጣቢያው አቀባበል ነው የተናገሩት። ስለተቆጧቸው፣ ወንድ ባለሙያ ፊት ስለመጋለጥ፣ ቤተሰብ አጠገባቸው ስለመከልከሉ። ጥቂት ስለሆኑ «ሌሎች ምክንያቶች» የሚል ንዑስ ርዕስ ውስጥ አስገባኋቸው።

የድሮ መምህር

አሁን ጥናትሽን አየሁት። እነዚያ አራቱ ናቸው ወርቁ።

ዛሬ አንድ ወረቀት አምጪና ከሁለት ክፈዪው። በአንዱ በኩል በባለሙያዋ የተጠሩትን 11፣ በሌላው በኩል ቤታቸው ያነጋገርሻቸውን 5። ከዚያ ማን ርቀት አለ፣ ማን አቀባበል አለ፣ በየስማቸው ጻፊ። ከዚያም በሦስተኛ መስመር ርቀት ያሉት ከጤና ጣቢያው በእግር ምን ያህል እንደሚርቁ ጨምሪበት። የየትኛው ጎጥ ሰዎች እንደሆኑ መዝግበሻል ብዬ እገምታለሁ።

ከዋናው ግኝት የሚጣረሱትን ሰዎች አንድ በአንድ እያነሡ ግኝቱን እንደገና መፈተን ነው ይህ። «ሌሎች» የሚባል ከረጢት ውስጥ መክተት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

የባንኳ ልጅ

እኔ የምለው ስለ ሜምበር ቼኪንግ ነው፣ ልቤን ስላደማኝ። ኤምቢኤ ስሠራ ሠራተኞች ለምን ባንክ እንደሚቀያይሩ አጠናሁ። አማካሪዬ ስላዘዘኝ ትራንስክሪፕቱን ለእያንዳንዳቸው በኢሜይል ላክሁ። ግማሾቹ አልመለሱልኝም። ከመለሱት ውስጥ ሁለቱ ስለ አለቆቻቸው የተናገሩትን በሙሉ ሰረዙት። አንዷ እንዲያውም ቃሏን ሁሉ እንደ ደብዳቤ አሳምራ ጻፈችው። ጥሩው ጥሩው መረጃዬ ሄደ። ታዲያ ይህ ነገር ጥናትን ያስተማምናል ወይስ ያበላሻል? እኔ እስካሁን መልስ የለኝም።

ከፍራንክፈርት

እኔ እዚህ ነርስ ሆኜ እየሠራሁ በነርሲንግ ዶክትሬቴን እየተማርኩ ነው። የባንኳ ልጅ፣ ያነሣሽው ብዙ የተባለበት ጉዳይ ነው። ሊንከንና ጉባ ሜምበር ቼኪንግን ከክሬዲቢሊቲ መንገዶች ሁሉ ዋነኛው አድርገውት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ አልተስማሙም። ሰው ከተናገረ ከወራት በኋላ የተናገረውን ሲያነብ ያፍራል፣ ይፈራል፣ ሐሳቡም ይለወጣል። ስረዛው ራሱ ግን መረጃ ነው። ያ ሠራተኛ ስለ አለቃው የተናገረውን ለምን ሰረዘው? ፈቃዱ ሳይኖር ቃሉን መጥቀስ አትችዪም። «ተሳታፊዎች ስለ አለቆች የተናገሩትን አስወጡ» ብለሽ ግን፣ ማን እንደሆኑ ሳይታወቅ፣ መጻፍ ትችዪ ነበር።

ለሲስተር የምለው ትራንስክሪፕት ለእናቶቹ መመለስ አይታሰብም። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ይሆናል። ወረቀቱ ቤት ውስጥ ቢገኝ ደግሞ ባል ወይም ልጅ ነው የሚያነበው። የሚቻለው ግኝቱን በአጭሩ በቃል ይዞ ሄዶ «እንዲህ እንዲህ ተረድቻለሁ፣ የቀረ አለ? የተሳሳተ አለ?» ማለት ነው። ያም ቢሆን ጤና ኬላ ላይ ሆኖ አይሆንም። ደግሞም የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ላይ ተመልሶ ማነጋገር ተጽፎ እንደሆነ እይ። ካልተጻፈ ማሻሻያ ማስፈቀድ አለብሽ፣ በሦስት ሳምንት የሚደርስ አይመስለኝም። ካልሠራሽው ደግሞ «ተጠቅመናል» የሚለውን አውጪው።

ሲስተር ከወረዳ

ሜምበር ቼኪንግ ያልኩት በየቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ የተናገሩትን ጠቅለል አድርጌ መልሼ ስነግራቸው «አዎ» ማለታቸውን ነው። አማካሪዬ እሱ ይበቃል ብለውኝ ነበር።

ወረቀቱን ሠራሁት። ጤና ኬላ ካነጋገርኳቸው 11 ውስጥ 10ሩ ርቀት አሉ፣ አቀባበል ያነሣችው አንዷ ብቻ ናት። ቤታቸው ካነጋገርኳቸው 5 ውስጥ 2ቱ ርቀት አሉ፣ 4ቱ አቀባበል አነሡ። አንዷ ሁለቱንም ብላለች።

ርቀት ካሉት 12 ውስጥ ደግሞ 5ቱ ከጤና ጣቢያው የግማሽ ሰዓት እግር መንገድ እንኳ የማይሞላ ጎጥ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ይህን ሳየው እንቅልፍ አጣሁ።

ቁጥር ይናገር

ይህ ከባድ ነገር ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎችሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነበሩ? አምስቱ የቤት ቃለ መጠይቆች ሁሉም መጨረሻ ላይ ነው የመጡት። መሐል ላይ ጥያቄ ጨምረሽ ከሆነ ልዩነቱን ያመጣው ቦታው ሳይሆን ጥያቄው ሊሆን ይችላል።

ሲስተር ከወረዳ

አዎ ጨምሬያለሁ። ከስድስተኛዋ እናት በኋላ «ከዚህ በፊት ጤና ተቋም ወልደሽ ታውቂያለሽ? እንዴት ነበር?» የሚል አስገባሁ። ከባሎቹ ጋር ባደረግነው ውይይት አንድ ሰው ሚስቱ ከዚህ ቀደም እንደተቆጧት ስለተናገረ ነው። ቴሲሱ ላይ የተያያዘው የመጨረሻው የጥያቄ ዝርዝር ብቻ ነው።

የድሮ መምህር

ቁጥር ይናገር፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅኸው። ፈታኙ በዲፔንደቢሊቲ ሥር የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው። ጥያቄ መለወጥ ነውር አይደለም። በኳሊቴቲቭ ጥናት እንዲያውም ካልተለወጠ አጥኚዋ አልሰማችም ማለት ነው። ችግሩ ለውጡ ሳይታይ ሲቀር ነው። አንባቢ አሥራ ስድስቱም እናቶች ያን ጥያቄ የተጠየቁ ይመስለዋል።

ልጄ፣ አሁን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ለብቻ አስቀምጪ። ከሰባተኛዋ እስከ አሥራ አንደኛዋ ያሉት አምስቱ አዲሱን ጥያቄ ጤና ኬላ ውስጥ ተጠይቀዋል። የመጨረሻዎቹ አምስቱ ያንኑ ጥያቄ ቤታቸው ተጠይቀዋል። እነዚህን ሁለቱን ብቻ አወዳድሪያቸው።

ሲስተር ከወረዳ

አቀባበል ያነሣችው የጤና ኬላዋ እናት ዘጠነኛዋ ናት። ስለዚህ ጤና ኬላ ከ5ቱ 1፣ ቤት ከ5ቱ 4።

ቁጥር ይናገር

ጥያቄው አንድ ከሆነ ቦታው ነው ማለት ነው። ፊሸር ኤግዛክት ቴስት ልሥራልሽ?

የድሮ መምህር

አይሆንም፣ ወዳጄ። እነዚህ ሰዎች በዕጣ አልተመረጡም። አምስቱ የቤት እናቶች በሌሎች እናቶች ጥቆማ የመጡ ናቸው፣ ምናልባት የተቆጣ ሰው የተቆጣ ጓደኛውን ጠቁሞ ይሆናል። ቁጥሩ እኛን የት እንድናነብ ጠቆመን እንጂ ምንም አላረጋገጠም። ወደ ንግግሩ እንመለስ።

ሲስተር፣ አቅራቢያ ሆነው «ሩቅ ነው» ያሉትን የአምስቱን ትራንስክሪፕት አውጪ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ምን ተባለ? ወዲያው ዋሹ እንዳትዪ። ለምጥ ሴት ግማሽ ሰዓት በሌሊት፣ በክረምት፣ በጭቃ ሩቅ ነው። ልጆቹን የሚይዝ ሰው ከሌለም ሩቅ ነው።

ሲስተር ከወረዳ

አነበብኳቸው። በአማርኛ ነው የገለበጥኳቸው፣ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎምኩት የጠቀስኳቸውን ብቻ ነው።

ሦስቱ ልክ እንዳሉት ነው። አንዷ ሌሊት ጅብ እንደሚፈሩ ተናግራለች። ሌላዋ አምቡላንስ ተደውሎለት ሌላ እናት ሊያመጣ ሄዷል መባሉን። ሦስተኛዋ ባሏ ለሥራ ርቆ እንደነበር።

ሁለቱ ግን «ሩቅ ነው ሲስተር» ብለው ዝም። እኔም ምን ያህል እንደሚርቅ ሳልጠይቅ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፌያለሁ። በሁለቱም ላይ የመስክ ማስታወሻዬ «ብዙ አትናገርም» ይላል።

የድሮ መምህር

ስለዚህ «ርቀት» ብለሽ በአንድ ኮድ የያዝሽው ቢያንስ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጉዞውን ከባድ የሚያደርገው ሌሊቱ፣ አምቡላንሱ፣ የሰው እጦቱ ነው። ሌላው ለጤና ባለሙያ፣ በጤና ባለሙያ ግቢ ውስጥ፣ ማንንም ሳያስቀይሙ የሚሰጥ መልስ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ማረጋገጥ አትችዪም፣ ስለዚህ እንደ ዕድል ብቻ ጻፊው። ምዕራፍ 4 ላይ ግን አቀባበል ከ«ሌሎች ምክንያቶች» ይውጣና የራሱ ጭብጥ ይሁን። ምዕራፍ 3 ላይ ነርስ መሆንሽ፣ ሲስተር መባልሽ፣ በረንዳው ላይ የነበረችው ባለሙያ ይጻፍ። እሱ ሳይኖር አንባቢ 12ቱን እንዴት እንደሚመዝን አያውቅም።

ሰሜን ነፋስ

እኔ ሶሺዮሎጂ ነው የማስተምረው። ክሩን ከላይ አንብቤ ደስ ብሎኛል፣ ግን አንድ ነገር አልተባለም። አራቱ መመዘኛዎች ራሳቸው ችግር አለባቸው። የቁጥር ጥናት ከሚጠይቃቸው አራት ነገሮች ጋር አንድ ለአንድ እንዲመሳሰሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ጉባና ሊንከን ራሳቸው ይህ ታይቷቸው በኋላ ሌላ ዓይነት መመዘኛ ጨምረዋል፣ ጥናቱ ለተሳታፊዎቹ ሚዛናዊ ነው ወይ፣ የሚለውጥላቸው ነገር አለ ወይ የሚሉ። ጃኒስ ሞርስና ባልደረቦቿ ደግሞ በፈረንጅ 2002 ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ። ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ስሕተቱን ያሳያል፣ ግን አያድነውም አሉ። ሲስተርን ተመልከቱ። ሁለቱ እናቶች «ሩቅ ነው» ብለው ዝም ባሉበት ደቂቃ አንድ ጥያቄ ቢጨመር ኖሮ ይህ ሁሉ ፍተሻ ባላስፈለገ። እኛ ግን ተማሪውን መስክ ሳይወጣ ይህን አናስተምረውም። መጨረሻ ላይ አራት ቃል እናስሸመድደዋለን።

የድሮ መምህር

በአብዛኛው እስማማለሁ። ጥራቱ እየሠሩ ነው መጠበቅ ያለበት። ግን ተማሪዋ አሁን መስክ ላይ አይደለችም፣ ጽሑፉ እጇ ላይ ነው ያለው። አንባቢ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል፣ አራቱ ጥያቄዎችም ቢያንስ ያን ይሰጡታል። ይኸው ያን አቀባበል ያወጣነው በእነሱ ነው።

ሰሜን ነፋስ

ያወጣችሁት በደንብ በማንበብ ነው። መመዘኛው ኖረም አልኖረም ማንበቡ ነው የሠራው። በዚህ አንስማማ ይሆናል።

ሲስተር ከወረዳ

ኦዲት ትሬይል ላይ ተቸግሬያለሁ። 41 ኮዶች ነበሩኝ፣ በኋላ በ5 ጭብጥ አጠቃለልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ በየጊዜው አልጻፍኩም። አንድ ጓደኛዬ አሁን ቁጭ ብለሽ በየቀኑ የተጻፈ አስመስለሽ ማስታወሻ አዘጋጂ፣ ማንም አያውቅም አለችኝ። ምን ትላላችሁ?

ከፍራንክፈርት

በፍጹም። ያ መረጃ መፈብረክ ነው። ሳይገኝብሽ ቢቀር እንኳ የተአማኒነት ክፍልሽን በሐሰት ላይ መሥራት ነው።

ግን ያለሽ ዱካ ከምታስቢው ይበልጣል። የሪከርደሩ ፋይሎች ቀን አላቸው። የኮድ ሰነድሽን በየጊዜው በሌላ ስም አስቀምጠሽው ከሆነ ኮምፒውተርሽ የተቀየረበትን ቀን ይነግርሻል። ከአማካሪሽ ጋር በቴሌግራም የተጻጻፍሽው አለ። ለአማካሪሽ የላክሻቸው ረቂቆችም አሉ። እነዚህን በቅደም ተከተል አስቀምጪና የለውጡን ታሪክ አሁን ጻፊ፣ ከላዩም «ከፋይሎችና ከደብዳቤዎች ተመልሶ የተሠራ» ብለሽ የዛሬን ቀን ጻፊበት። በዘመኑ ከተጻፈ ማስታወሻ ያነሰ ነው፣ ግን እውነት ነው። ማስታወስ ያልቻልሽው ውሳኔ ካለም እንዳላስታወስሽው ጻፊ።

አብሮ የሚጠቅምሽ ኮሬክ የሚባለው በፈረንጅ 2007 የወጣው 32 ነጥብ ያለው የኳሊቴቲቭ ጥናት አቀራረብ ዝርዝር ነው። ጆርናሎች ይጠይቁታል። የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች አጥኚዋ ማን ናት፣ ሙያዋ ምንድን ነው፣ ከተሳታፊዎቹ ጋር ምን ግንኙነት ነበራት የሚሉ ናቸው። ግን ምልክት ማድረጊያ ብቻ አታድርጊው። ሣጥኑን መሙላት ጥናቱን አያሻሽለውም።

የድሮ መምህር

ለኮንፈርማቢሊቲው ደግሞ አንድ ሙከራ ልስጥሽ። ከምዕራፍ 4 አምስት ዓረፍተ ነገር በዕጣ አውጪ። ቴሲስሽን ለማያውቅ ሰው ስጪና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከጭብጡ ወደ ኮዱ፣ ከኮዱ ወደ ትራንስክሪፕቱ መስመር ይከተለው። የሰው ስምና ቦታ አስቀድመሽ አውጪለት፣ ፈቃዱም ይህን የሚከለክል እንዳልሆነ እይ። መንገዱ የሚቋረጥበት ቦታ ካለ እዚያ ያለው ሐሳብ የአንቺ ነው። የአንቺ መሆኑ ኃጢአት አይደለም፣ የእናቶቹ አስመስሎ ማቅረቡ ነው ችግሩ።

ቁጥር ይናገር

እሱን እኔ ልሥራልሽ እችላለሁ። እኔ ኤፒዴሚዮሎጂስት ነኝ፣ ነርስ አይደለሁም፣ ወረዳውንም አላውቀውም። ስለ ካፓ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ሁለት ሰው ኮድ ካላደረገ አንድ ሰው ብቻውን ያየውን እንዴት እንመን?

ሰሜን ነፋስ

የኮድ ዝርዝሩ አስቀድሞ ተወስኖ፣ ቡድን ብዙ ትራንስክሪፕት ተከፋፍሎ ሲሠራ ካፓ ይረዳል። ትርጉሙ እያነበቡ በሚበስልበት ትንተና ግን ብራውንና ክላርክ የተባሉት ተመራማሪዎች ጭራሽ አይገጥምም ይላሉ፣ ምክንያቱም አንባቢው የትንተናው አካል ነው። ሲስተር የትኛውን እንደሠራች ቴሲሷ ላይ አልገባኝም። ያንን መወሰን አለባት። ሁለቱን ማደባለቅ የለባትም።

የጤና ኬላዋ

እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ተመራማሪ አይደለሁም። ግን ስለ እኛ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንድ ተማሪ መጥቶ «ቤት የወለዱ እናቶችን ጥሪልኝ» ሲለን የምንጠራው ለጥሪ የምትመጣውን ነው። ቀረብ ያለችውን፣ ስብሰባ የምትወደውን፣ ከእኛ ጋር የተስማማችውን። ያኮረፈችው አትመጣም። ለማጭበርበር አይደለም፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ሥራው ብዙ ነው። ደግሞ ቤት መውለድ በእኛ ላይ እንደ ጉድለት ነው የሚቆጠረው፤ «መንገዱ ነው» የሚለው መልስ ለእኛም ይመቸናል። እናቶቹም ይህን ያውቃሉ።

ሌላው፣ እባክሽ እህቴ፣ የእኛን ንግግር ስትጠቅሺ ተጠንቀቂ። አንድ ቀበሌ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነን። አንቺ አራት ነው ያነጋገርሽው። «ከቀበሌ ሀ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ዕድሜ 34» ብለሽ ከጻፍሽ ወረዳው ማን እንደሆነች ያኔውኑ ያውቃል። ስለ ጤና ጣቢያው ኃላፊ የተናገረች ካለች ነገ ሥራዋ ላይ ነው የሚመጣባት።

ሲስተር ከወረዳ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በትክክል እንደዚያ ነው የጻፍኩት። ዕድሜና ቀበሌ ሁሉ አለው። አንዷ ስለ ጤና ጣቢያው ተናግራለችም።

አሁን ግራ ገባኝ። ለትራንስፈረቢሊቲ ቦታውን በደንብ ግለጪ ተብያለሁ። መንገዱን፣ አምቡላንሱን፣ የእናቶች ማቆያ መኖር አለመኖሩን፣ የአዋላጆቹን ብዛትና ጾታ። ይህን ሁሉ ከጻፍኩ ወረዳው ይታወቃል።

የድሮ መምህር

የሁለቱ ግጭት እውነተኛ ነው። ሌላ ወረዳ ያለ አንባቢ የሚያስፈልገው የቦታው ስም አይደለም፣ ሁኔታው ነው። ክረምት መኪና ይገባል አይገባም፣ አምቡላንሱ ስንት ቀበሌ ያገለግላል፣ አዋላጆቹ ወንዶች ናቸው ወይ፣ እነዚህን ጻፊ። የወረዳውን ስም፣ የቀበሌዎቹን መለያና የባለሙያዎቹን ዕድሜ አውጪ። አራቱን ባለሙያዎች በአንድነት «ባለሙያዎች» በያቸው። ዞን ብቻ ቢጠቀስ ይበቃል ብዬ አስባለሁ።

ከፍራንክፈርት

ያም ላይበቃ ይችላል። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ቴሲሱን ካገኙት ሁኔታውን አንብበው ብቻ ይለዩታል። እኔ ብሆን ያቺ ባለሙያ ስለ ጤና ጣቢያው የተናገረችውን ጥቅስ ሙሉ በሙሉ አወጣዋለሁ። እናቶቹ ያንኑ ብለውታል፣ የእሷ ቃል ሳይኖር ጭብጡ ይቆማል።

ሲስተር ከወረዳ

ጥቅሱን አወጣሁት። አዲሱን አንቀጽ የመጀመሪያ ክፍል ላሳያችሁ፦

«አጥኚዋ ነርስ ስትሆን በአጎራባች ወረዳ ሠርታለች፤ ተሳታፊዎቹም «ሲስተር» ብለው ይጠሯት ነበር። አሥራ አንድ እናቶች በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተጠርተው በጤና ኬላ፣ አምስቱ በእናቶች ጥቆማ በቤታቸው ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል። ከስድስተኛው ቃለ መጠይቅ በኋላ ስለ ቀድሞ የወሊድ ልምድ የሚጠይቅ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ሁለቱም የጥያቄ ዝርዝሮች ተያይዘዋል። ይኸው ጥያቄ ከቀረበላቸው ውስጥ በጤና ኬላ ከአምስቱ አንዷ፣ በቤት ከአምስቱ አራቱ ስለ ጤና ጣቢያው አቀባበል ተናግረዋል። ልዩነቱ ከቦታው፣ ከአመራረጡ ወይም ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል፤ ጥናቱ ይህን መለየት አይችልም። በየቃለ መጠይቁ መጨረሻ ዋና ዋና ነጥቦች ለተሳታፊዋ ተነግረው አስተያየት ተጠይቋል፤ ግኝቶቹ ግን ለተሳታፊዎች ተመልሰው አልቀረቡም።»

ሰሜን ነፋስ

«ተጠቅመናል» ከሚለው በጣም ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ። «አቀባበል» የሚለው ጭብጥ ውስጥ መቆጣት፣ መጋለጥና ቤተሰብ መከልከል አንድ ላይ ናቸው። «ርቀት» ላይ የሆነው እዚህም እንዳይደገም አቀባበል ያነሡትን አምስት እናቶች እንደገና አንብቢያቸው።

ሲስተር ከወረዳ

ነገ እጀምራለሁ። ቁጥር ይናገር፣ አምስቱን ዓረፍተ ነገር በዕጣ አውጥቼ ስማቸውንና ቦታቸውን ካጠፋሁት ትራንስክሪፕት ጋር በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።